ልጁ ሲያስመልስ ሽንቱም ይታይ

ዓይነት አንድ የስኳር ሕመም ያለበት ልጅ ማስመለስ ሲጀምር ቤተሰብ ቶሎ የሚጠረጥረው ጨጓራን ወይም የበላውን ምግብ ነው። ይሁንና ኢንሱሊን ሲያንስም ልጅ ያስመልሳል፤ ሆዱንም ይቆርጠዋል። ሰውነት በደም ውስጥ ያለውን ስኳር መጠቀም ሲያቅተው ስብ ያቃጥላል፣ ከስቡ የሚወጣው ኬቶንም እየተከማቸ ደሙን አሲድ ያደርገዋል። ይህን ቤት ውስጥ ለመጠርጠር የሚረዳው የሽንት ኬቶን ስትሪፕ ነው።

ስትሪፑ በየቀኑ አያስፈልግም። የሚያስፈልገው ስኳሩ ከ250 በላይ ወጥቶ አልወርድ ሲል፣ ትኩሳት ወይም ሌላ ሕመም ሲኖር፣ ኢንሱሊን ሲዘለል ነው። ልጁ ካስመለሰ ግን ስኳሩ ያን ያህል ባይጨምርም መታየት አለበት። ሕመሙ እስኪያልፍም በየአራት እስከ ስድስት ሰዓቱ ይደገማል።

አንዲት የ13 ዓመት ልጅ እናስብ። ትኩሳት ይዟት ማታ አልበላችም፤ ምግብ ስላልበላች ኢንሱሊኗም ቀረ። ትልቁ ስህተት ይህ ነው፤ የታመመ ሰው ባይበላም የመሠረት ኢንሱሊኑ አይቋረጥም። ጠዋት ስኳሯ 320 ሆነ፣ ሁለት ጊዜም አስመለሰች። እናቷ ስትሪፑን አሁን በተሸና ሽንት ነክራ ወዲያው አወጣችና በብልቃጡ ላይ የታዘዘውን ጊዜ ጠበቀች፤ በብዙዎቹ 15 ሰከንድ ነው። ከዚያ በላይ ከቆየ ቀለሙ እየጠቆረ ያሳስታል። በቀን ብርሃን ከብልቃጡ ሰንጠረዥ ጋር ስታስተያየው ከሮዝ አልፎ ወደ ወይን ጠጅ እየሄደ ነበር፤ መካከለኛ፣ 40 አካባቢ።

ቀለሙ ካልተለወጠ ኬቶን አልታየም ማለት ነው። ፈዛዛ ሮዝ ጥቂት ነው፤ ውኃ እየጠጡ፣ ኢንሱሊኑን ሳይዘሉ ደግሞ ማየት ይገባል። መካከለኛ ከሆነ ለክትትል ሐኪም ወዲያው ይደወላል። ጥቁር ወይን ጠጅ ከሆነ፣ ወይም እንደዚህች ልጅ መካከለኛው ከማስመለስ ጋር ከመጣ፣ ጉዞው በቀጥታ ወደ ሆስፒታል ነው።

ስትሪፑ ግን ድክመት አለው። የሚያሳየው ካለፈው ሽንት ወዲህ በፊኛ የተጠራቀመውን ነው፤ በዚያ ላይ ደሙን በዋናነት የሚያከብደውን የኬቶን ዓይነት አይለይም። ስለዚህ ሕመሙ እየባሰም ቀለሙ ፈዛዛ ሊሆን ይችላል። ሕክምና ከተጀመረ በኋላ ደግሞ ልጅቱ እየተሻላት ቀለሙ ለሰዓታት ሊጠቁር ይችላል። ክዳኑ ሳይዘጋ እርጥበት ያገኘው ወይም ከተከፈተ ስድስት ወር ያለፈው ስትሪፕም ኬቶን እያለ የለም ሊል ይችላል፤ የተከፈተበትን ቀን ብልቃጡ ላይ ይጻፉ።

ልጁ በረጅሙ እያለከለከ ከተነፈሰ፣ ትንፋሹ የበሰለ ፍራፍሬ ከሸተተ ወይም ከፈዘዘ ቀለም አይጠበቅም። ሐኪም ቤት እንደደረሱ ከሁሉ አስቀድመው ዓይነት አንድ ስኳር እንዳለበትና የመጨረሻውን ኢንሱሊን መቼ እንደወሰደ ይንገሩ።