ለአካባቢ ቀውስ ተጠያቂው ሃይማኖት ነውን?

እ.ኤ.አ. በ1967 አሜሪካዊው የታሪክ ምሁር ሊን ዋይት «ሳይንስ» በተሰኘው መጽሔት ባወጣው ጽሑፍ፣ ለአካባቢ ቀውስ የምዕራቡ ክርስትና ከባድ ኃላፊነት እንዳለበት ተከራከረ። እንደ እርሱ አባባል፣ ሰው በእግዚአብሔር አምሳል ተፈጥሮ ምድርን እንዲገዛ ተሾመ የሚለው ትምህርት ተፈጥሮን ለሰው ጥቅም ብቻ የቆመች አስመስሏታል፤ ከሳይንስና ከቴክኖሎጂ ጋር ሲጣመርም ጥፋት አስከትሏል። ዋይት ራሱ ክርስቲያን ነበር። መፍትሔውንም በሃይማኖት ውስጥ ፈልጎ፣ የአሲሲው ፍራንሲስ የሥነ ምህዳር ጠበቃ ቅዱስ እንዲሆን ሐሳብ አቅርቧል።

የመጀመሪያው የተቃውሞ መልስ የመጣው ከመጻሕፍቱ ነው። ዘፍጥረት ምዕራፍ 1 ሰውን በምድር ላይ ቢሾመውም፣ ምዕራፍ 2 ገነትን እንዲያበጃትና እንዲጠብቃት ያዘዋል። ዘሌዋውያን 25 መሬት በሰባተኛው ዓመት ሳትታረስ እንድታርፍ ይደነግጋል፤ የምድሪቱም ባለቤት እግዚአብሔር እንጂ ሰው እንዳልሆነ ይናገራል። ዘዳግም 20 ደግሞ በከበባ ጊዜ እንኳ የፍሬ ዛፍ እንዳይቆረጥ ይከለክላል። ቁርኣንም ሰውን በምድር ላይ ምትክ፣ ማለትም ከሊፋ ያደርገዋል፤ ሥልጣኑ ግን የሚጠየቅበት አደራ ነው። በእነዚህ ንባቦች መሠረት ሹመት የባለአደራነት እንጂ የባለቤትነት መብት አይደለም።

ሁለተኛው መልስ ከታሪክ የተወሰደ ነው። ዪ ፉ ቱዋን እ.ኤ.አ. በ1968 የቻይናን ምሳሌ አነሣ። በቻይና ታኦይዝምና ቡድሂዝም ለተፈጥሮ ክብር ይሰጡ ነበር፤ ደኗ ግን ተጨፍጭፏል። ቡድሂዝም ያስፋፋው ሬሳ የማቃጠል ልማድ ከ10ኛው እስከ 14ኛው ክፍለ ዘመን በደቡብ ምሥራቅ ጠረፍ የእንጨት እጥረት እስከማስከተል ደርሷል። ስለዚህ ሰዎች የሚያምኑትና የሚያደርጉት ሊለያይ ይችላል። ሉዊስ ሞንክሪፍ ደግሞ በ1970 የኢንዱስትሪ አብዮትን፣ የከተሞችን መስፋፋትን፣ የሕዝብና የሀብት ዕድገትን የቅርብ መንስኤ አድርጎ አቀረበ።

ሆኖም ክሱ ሙሉ በሙሉ መሠረት የለሽ አይደለም። ጄረሚ ኮሄን በ1989 መጽሐፉ፣ የጥንትና የመካከለኛው ዘመን አይሁድና ክርስቲያን ተርጓሚዎች ጥቅሱን ተፈጥሮን ለመበዝበዝ ፈቃድ አድርገው እንዳልወሰዱት አሳየ። ፒተር ሃሪሰን ግን በ17ኛው ክፍለ ዘመን ጥቅሱ ተፈጥሮን ለመቆጣጠርና መሬትን ለማልማት እንደ ማስረጃ መቅረቡን ገለጸ። ስለዚህ የቃሉ ፍቺ ከዘመን ዘመን ተለውጧል።

በኢትዮጵያም ተመሳሳይ ልዩነት ይታያል። በሰሜኑ ክፍል በኦርቶዶክስ አብያተ ክርስቲያናት ዙሪያ ነባር ደን ተጠብቆ ሲቆይ፣ አማኞቹ የሚያርሱት የአካባቢው መሬት ግን ተራቁቷል። እምነቱ አንድ ሆኖ ሳለ ውጤቱ የተለያየው ቅዱስ ስፍራው በሥርዓት ስለሚከበር፣ በእርሻው ላይ ግን የኑሮ ፍላጎት ስለሚበረታ ነው።

ከዚህ ሁሉ የሚገኘው ፍርድ ግልጽ ነው። ቅዱሳት መጻሕፍት ብቻቸውን ቀውሱን አልወለዱትም፤ ብቻቸውንም አያድኑትም። ባለአደራነት ለውጥ የሚያመጣው በሕግ፣ በመሬት አያያዝና በኑሮ ልማድ ውስጥ ሲገባ ነው።