«ይሄ ልጅ ይቀዳል»፦ ከፎቶ ስር የሚጻፉ ቃላትን እንዴት እናንብብ?

ጉለሌ፣ ሽሮ ሜዳ የባህል ልብስ ተራ ቆሞ ፎቶ የተነሳ አንድ ልጅ አስቡ። አዲስ ጋቢ ለብሶ ፏ ብሏል። ከፎቶው ስር እንዲህ ይላል፦ «ራሴ የሸመንኩት፣ በአንድ ሌሊት። የምር!» ጓደኞቹ ደግሞ ተከታትለው ሦስት ነገር ጻፉለት።

«ይሄ ልጅ ይቀዳል 😂»

«ኮንፊደንስህ ይመቸኛል»

«🧢»

ተሰደበ ወይስ ተወደሰ? አንድ በአንድ እንያቸው።

ከ«ይቀዳል» እንጀምር። የአማርኛ ፊደል መጥበቅና መላላትን አያሳይም። «ዳ»ን አላልታችሁ ካነበባችሁት ልጁ ውሃ ይቀዳል ማለት ነው። ካጠበቃችሁት ግን ቃሉ «ቀደደ» ከሚለው የመጣ ነው፤ ልጁ ወሬ ይቀዳል፣ ማለትም ያጋንናል፣ ይዋሻል። በጽሑፍ ሁለቱ አንድ ናቸው። ፊደል ብቻ የሚያወዳድር ፕሮግራም ብትጽፉ ልዩነታቸውን ሊያገኘው አይችልም። እናንተ የለያችሁት በዙሪያው ባለው ነገር ነው፦ ፎቶው ላይ ውሃ የለም፣ «በአንድ ሌሊት» የሚል የማይታመን ወሬ ግን አለ።

ታዲያ ቀደዳ ከሌላው ውሸት በምን ይለያል? ሦስት ቃላትን ጎን ለጎን ብናስቀምጥ ይገባናል። ቀዳጅ ወሬው እንዲያምር ነው የሚፈልገው፤ ብታምኑትም ባታምኑትም ብዙ አይጨንቀው። ፎጋሪ ግን ለጊዜውም ቢሆን እንድታምኑት ይፈልጋል፤ «ፎገርኩህ!» ብሎ የሚስቀው ከዚያ በኋላ ነው። የሚሸውድ ሰው ደግሞ እስከ መጨረሻው እንድታምኑት ይፈልጋል፣ ምክንያቱም ከእናንተ የሚወስደው ነገር አለ። ስለዚህ ሁለት ጥያቄ ጠይቁ፦ ጸሐፊው እንዲታመን ይፈልጋል? ካመንኩትስ የምከስረው ነገር አለ? የኛ ልጅ ማንንም አላከሰረም። ቀደደ እንጂ አልሸወደም።

«ኮንፊደንስህ ይመቸኛል» ላይ ላዩን ሲታይ ምስጋና ነው። ልጁ «ዛሬ ክፍል ፊት ለመጀመሪያ ጊዜ ንግግር አደረግሁ» ብሎ ቢሆን ኖሮ እውነተኛ ምስጋና ይሆን ነበር። እዚህ ግን የተወደሰው ችሎታው ሳይሆን እንዲህ ያለውን ወሬ ሳያፍር መናገሩ ነው። ይህ ሙድ መያዝ ነው። ለመለየት ወደ ላይ ተመለሱና ልጁ ያለውን አንብቡ፤ የማይታመን ነገር ተናግሮ ከሆነ ምስጋናው ቀልድ አለበት።

🧢 ከሩቅ የመጣ ነው። በአሜሪካ ጥቁሮች እንግሊዝኛ «ካፕ» ማለት ጉራ ወይም ውሸት ነው፤ no cap ሲባል ደግሞ «ውሸት የለውም» ማለት ነው። በ2017 እ.ኤ.አ. ፊውቸርና ያንግ ተግ በዚሁ ስም ዘፈን አወጡ። ኢሞጂውም በዚያው ዓመት በዩኒኮድ ዝርዝር ውስጥ ገባ፣ ግን እንደ ተራ ኮፍያ ነው። የውሸት ምልክት ያደረጉት ተጠቃሚዎች ናቸው። ስለዚህ የኛው «የምር» ለ no cap በጣም ይቀርባል፤ 🧢 ብቻውን ሲመጣ ደግሞ «ቀደድክ!» እንደማለት ነው።

«የምር» ራሱ ግን ልብ ይባል። «ዛሬ ሰኞ ነው፣ የምር» የሚል ሰው የለም። ቃሉ የሚጨመረው ጸሐፊው «አያምኑኝም» ብሎ ሲጠረጥር ነው። ስለዚህ «የምር» ማስረጃ አይደለም፤ ጥርጣሬ ሊነሳ የሚችልበትን ቦታ ነው የሚያሳያችሁ።

አሁን ያንኑ ጋቢ አንድ ሻጭ ለጥፎት «በእጅ የተሸመነ፣ ኦርጅናል፣ የምር!» ብሎ ጽፏል እንበል። ቃላቱ ከልጁ ጋር ይመሳሰላሉ፣ ጥያቄዎቻችን ግን ሌላ መልስ ይሰጣሉ። ሻጩ እንዲታመን ይፈልጋል። ከተሳሳታችሁም የምትከስሩት ብር ነው። ጥለቱ በጨርቁ ላይ የታተመ ከሆነ ይህ ቀደዳ አይባልም፣ ሸወዳ ነው። እዚህ ጋ «ነቄ ነን» የሚል አስተያየት ካያችሁ ሳቅ ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ ሌሎች ገዢዎችን ማስጠንቀቂያ ሊሆን ይችላል። ሽሮ ሜዳ ወርዳችሁ ጥለቱን ገልብጡና ጀርባውን እዩ፦ ከተሸመነ ክሩ በጀርባም ይታያል፣ ከታተመ ግን ቀለሙ በአብዛኛው ፊቱ ላይ ነው የሚቀረው።

አንድ ገደብ አለ። እነዚህ ቃላት ከሰፈር ሰፈር፣ ከዕድሜ ዕድሜ ክብደታቸው ይለያያል። ጓደኛ ለጓደኛው «ትቀዳለህ» ሲለው ይሳቃሉ፤ የማያውቀው ሰው ቢለው ግን «ውሸታም» ብሎ እንደመስደብ ነው። ከመቀየማችሁ በፊት ማን እንደጻፈው እዩ።