በአንድ ጨረታ የሚገናኙ የአንድ አስተዋዋቂ ዘመቻዎች

አንድ ድርጅት በፌስቡክ ሁለት ዘመቻዎችን ለተመሳሳይ ሰዎች ሲከፍት እርስ በርሳቸው ተጫርተው ዋጋ ያንራሉ የሚል እምነት አለ። አሠራሩ ግን ከዚህ ይለያል። ከአንድ አስተዋዋቂ ማስታወቂያዎች መካከል ከፍተኛ ጠቅላላ ዋጋ ያለው ብቻ ወደ ጨረታው ይገባል፤ ሌላው ሳይጫረት ይቀራል። ጉዳቱ እንግዲህ በዋጋ ንረት ሳይሆን በመረጃ መከፋፈል ይገለጣል። እያንዳንዳቸው በሳምንት 30 ግዢ የሚያስገኙ ሁለት የማስታወቂያ ስብስቦች ከመማሪያው ምዕራፍ ለመውጣት የሚያስፈልገውን 50 ያህል ግዢ አይደርሱም፤ ቢዋሐዱ ግን ሊያልፉት ይችላሉ። በጀቱን ሳይጨርስ የሚቀር ስብስብ የመደራረቡ አንዱ ምልክት ነው።

ይበልጥ የሚያሳስተው ሪፖርቱ ነው። ድረ ገጹን አስቀድመው ለጎበኙ ሰዎች ብቻ የሚታይ ዘመቻ፣ ያለ እርሱም ይፈጸም የነበረን ግዢ በስሙ ያስመዘግባል፤ ስለዚህ ርካሽና ውጤታማ ይመስላል። እውነቱን ለመለየት ጎብኚዎችን በዕጣ እኩል ከፍሎ ለአንደኛው ቡድን ዘመቻውን መከልከል ያስፈልጋል። ማስታወቂያው ከተፈቀደለት ቡድን 100፣ ከተከለከለው 90 ግዢ ቢገኝ፣ ሪፖርቱ 60 ቢልም የዘመቻው ግምታዊ ድርሻ 10 ነው። በዚህ አነስተኛ ቁጥር ደግሞ የ10 ልዩነት ከአጋጣሚ መዋዠቅ አይለይም፤ ሙከራው ሊራዘም ይገባዋል።