ተጨማሪ መረጃ፦ አድራሻን የሚወስን በር

በደቡባዊ ኔዘርላንድ የምትገኘው ባርለ ስትታይ አንድ ከተማ ናት፤ ማዘጋጃ ቤቶቿ ግን ሁለት ናቸው፦ የኔዘርላንዱ ባርለ-ናሳው እና የቤልጅየሙ ባርለ-ኸርቶግ። 22 የቤልጅየም ቁራሽ መሬቶች በኔዘርላንድ ግዛት ተከብበው ስለሚገኙ ድንበሩ መንገድ ያቋርጣል፣ ግቢ ይሰነጥቃል፣ አንዳንዴም ሳሎን ውስጥ ይገባል።

ታዲያ ድንበር ያለፈበት ቤት የማን ነው? በልማድ የጸናው ደንብ ዋናው በር የሚገኝበትን አገር ያያል። በሩ በቤልጅየም መሬት ላይ ከሆነ፣ መኝታ ቤቱ ኔዘርላንድ ውስጥ ቢሆንም እንኳ፣ አድራሻው የቤልጅየም ነው፤ የፖስታ ኮዱም 2387 ይሆናል። በኔዘርላንድ በኩል ከሆነ ኮዱ በ5111 ይጀምራል። ድንበሩ በሩን ራሱን ለሁለት የከፈለበት አንድ ቤት ደንቡን አስቸግሯል፤ መፍትሔውም በሩ ላይ ሁለት የቤት ቁጥር መለጠፍ ሆነ፣ ለእያንዳንዱ አገር አንድ።

መንገደኛ አገሩን የሚለየው የቤት ቁጥሩ ሰሌዳ ላይ ከተሣለችው ትንሽ ባንዲራ ነው። ደብዳቤ ላኪ ግን ባንዲራውን አያይም። ስለዚህ ወደ ባርለ ሲጻፍ የመንገድ ስምና የቤት ቁጥር ብቻውን አይበቃም፤ የፖስታ ኮዱንና የአገሩን ስም አብራችሁ ጻፉ።