ለማያውቀን አሠሪ የአንድ ደቂቃ ትውውቅ

እንደ አፕዎርክ ባሉ የፍሪላንስ ገበያዎች አሠሪው የባለሙያውን ገጽ ሲከፍት ከፎቶውና ከሙያ ዝርዝሩ ጎን አጭር የትውውቅ ቪዲዮ ሊያገኝ ይችላል። ቪዲዮውን የሚከፍት አሠሪ ልቡ ውስጥ ሁለት ጥያቄ አለ፤ ይህ ሰው ሥራውን በእርግጥ ያውቃል? አብረን ብንሠራስ እንግባባለን? ብዙ ፕሮግራመሮች ግን ለቪዲዮው ብለው የሚጽፉት ሲቪያቸውን ነው።

አንድ ምሳሌ እንያዝ። አዲስ አበባ ተቀምጦ ለውጭ አገር የኦንላይን መደብሮች በላራቬል የሚሠራ ወጣት የመጀመሪያ ረቂቁን እንዲህ ጻፈ እንበል፦ «ከአምስት ዓመት በላይ ልምድ ያለኝ ፉል ስታክ ዴቨሎፐር ነኝ። ላራቬል፣ ሪአክት፣ ኖድና ዶከር እችላለሁ። ጥራት ያለው ሥራ በሰዓቱ አስረክባለሁ።» ሁሉም እውነት ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ሌላ ፕሮግራመር አንዲት ቃል ሳይቀይር ይህንኑ ሊያነበው ይችላል። የቴክኖሎጂዎቹ ዝርዝርም ገጹ ላይ ተጽፎ ስላለ መድገሙ ጊዜ ማባከን ነው።

ያው ወጣት ስሙን ከተናገረ በኋላ እንዲህ ቢቀጥልስ? «የዘገዩ የኦንላይን መደብሮችን አፈጥናለሁ። አንድ የጫማ መደብር ገጹን ለመክፈት ስምንት ሰከንድ ይፈጅበት ነበር። ባለቤቶቹ ችግሩ የሰርቨሩ መስሏቸው ነበር። ኮዱን ሳየው ግን ገጹ ለእያንዳንዱ ጫማ ለየብቻ ዳታቤዙን ይጠይቃል፤ ለሁለት መቶ ጫማ ሁለት መቶ ጥያቄ። ሁሉንም በጥቂት ጥያቄ እንዲያመጣ አደረግሁት፤ አሁን ገጹ በሁለት ሰከንድ ይከፈታል። ሰርቨር መቀየር አላስፈለጋቸውም። ዲዛይን አልሠራም። ሥራ ስጀምር መጀመሪያ ችግሩ የት እንዳለ በአጭሩ ጽፌ እልካለሁ። የሚያስቸግራችሁ ገጽ ካለ የትኛው እንደሆነ ንገሩኝ።»

እዚህ ውስጥ «ጎበዝ ነኝ» የሚል ቃል የለም። አሠሪው ግን ወጣቱ ችግርን እንዴት እንደሚፈልግ አይቷል፤ ባለቤቶቹ ሰርቨሩን ሲጠረጥሩ እሱ ኮዱን ከፍቶ ምክንያቱን አገኘ። «ዲዛይን አልሠራም» የምትለዋ አጭር ዐረፍተ ነገር ደግሞ ለእኔ ከሁሉም በላይ እምነት የምታሳድር ናት። የማይችለውን በግልጽ የሚናገር ሰው «እችላለሁ» ሲል ይታመናል።

እንዲህ ያለው ታሪክ የሚሠራው እውነት ከሆነ ብቻ ነው። ስምንትና ሁለት ሰከንድ ካልን ቀደም ብለን የለካነው መሆን አለበት፤ አሠሪው በቃለ መጠይቁ ላይ «በምን ለካኸው?» ማለቱ አይቀርም። ቁጥር ከሌለን ምን እንደተለወጠ በቃል መግለጽ ይበቃል። የቀድሞ ደንበኛን ስም ያለፈቃዱ መጥራት ደግሞ አዲሱን «ነገ የእኔንም ምስጢር ያወጣዋል» ያሰኘዋል።

አነጋገሩ ተፈጥሯዊ እንዲሆን የሚረዳው የአጻጻፉ ቅደም ተከተል ነው። አብዛኛው ሰው በአማርኛ አስቦ ይጽፍና ወደ እንግሊዝኛ ይመልሰዋል፤ ውጤቱ ደረቅ የደብዳቤ እንግሊዝኛ ይሆናል። የሚሻለው ያንን የሥራ ታሪክ ለጓደኛ እንደሚያወሩ ሆኖ በእንግሊዝኛ መናገር፣ በስልክ መቅዳት፣ ከዚያ የተቀዳውን ወደ ጽሑፍ ማውረድና መከርከም ነው። በተረጋጋ አነጋገር አንድ ደቂቃ ወደ 120 የእንግሊዝኛ ቃላት ይይዛል። ከዚያ ከበለጠ ፍጥነት ከመጨመር ይልቅ አንድ ዐረፍተ ነገር መሰረዝ ይሻላል። ጮክ ብለው ሲያነቡ ምላስ በተደጋጋሚ የሚደናቀፍበት ቃል ካለም በቀላል ይተካ።

ጽሑፉን ቃል በቃል እያነበቡ መቅረጽ ያጋልጣል፤ ዓይን ከግራ ወደ ቀኝ ሲሄድ ተመልካቹ ወዲያው ይነቃል። የታሪኩን ቅደም ተከተል የሚያስታውሱ አራት አምስት ቃላት ከካሜራው አጠገብ መለጠፍ ይበቃል።

ሰዓትም ይጠቀስ፣ ግን በአሠሪው አቆጣጠር። ኒውዮርክ ላይ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ሲሆን አዲስ አበባ እንደ ወቅቱ ከቀኑ አሥር ወይም አሥራ አንድ ሰዓት ነው። «ጠዋት ቢሮ ስትገቡ ለሁለት ሰዓት ያህል በቀጥታ ታገኙኛላችሁ» ማለት «በማንኛውም ሰዓት ዝግጁ ነኝ» ከሚለው የበለጠ ይታመናል። ስልክና ኢሜይል ግን ቪዲዮው ውስጥ አይገቡም፤ አፕዎርክ ውል ከመፈረሙ በፊት አድራሻ መለዋወጥን ስለሚከለክል አካውንትን ሊያዘጋ ይችላል።

ቪዲዮው ከመለጠፉ በፊት ፕሮግራሚንግ ለማያውቅ አንድ ሰው ይታይለት፤ ከዚያም «ሥራዬ ምንድን ነው?» ተብሎ ይጠየቅ። መልሱ «ኮምፒውተር ነገር» ከሆነ የመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር እንደገና ይጻፍ። «የዘገየ መደብር ታፈጥናለህ» ካለ ይለጠፍ።