የሩጫ ሰዓትዎ የማያውቀው

ከዋሽንግተን ለእረፍት አዲስ አበባ የገባ ሯጭ በማግስቱ ጃን ሜዳ ወጣ እንበል። እንደ ወትሮው አንዱን ኪሎ ሜትር በ6 ደቂቃ እየሮጠ ልምምዱን ጨረሰ። የእጅ ሰዓቱ ግን ቪኦቱ ማክስ የሚባለው ቁጥሩ መውረዱን፣ የልምምድ ጫናው መጨመሩን፣ ለማገገምም ሁለት ቀን እንደሚያስፈልገው ነገረው። ሰውየው ምን ነካው?

ምንም። ቪኦቱ ማክስ ሰውነት አለ የተባለ ጉልበቱን ሲያወጣ በደቂቃ ውስጥ ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደቱ የሚጠቀመው የኦክስጅን መጠን ነው። በትክክል የሚለካው በቤተ ሙከራ፣ አፍና አፍንጫን በሚሸፍን ጭንብል ነው። ሰዓቱ ትንፋሽን አያይም፤ ያለው ፍጥነትና የልብ ምት ብቻ ስለሆነ ከእነሱ ተነስቶ ይገምታል። በዚያ ፍጥነት ሜዳ ላይ መሮጥ ለአንድ ኪሎ ክብደት ወደ 37 ሚሊ ሊትር ኦክስጅን ይፈልጋል። ሰዓቱ የሰውየውን ከፍተኛ የልብ ምት 180 አድርጎ ይዟል። ዋሽንግተን ላይ ልቡ 144 ሲመታ፣ ከአቅሙ 70 በመቶ ያህሉን ተጠቀመ ብሎ ያሰላና ጣሪያውን 53 ገደማ ያደርገዋል። አዲስ አበባ ግን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። አየሩ ስለሚሳሳ ያው ሩጫ ልቡን 156 ቢያደርሰው፣ ግምቱ ወደ 47 ይወርዳል። በከፍታ ላይ አቅም በእርግጥም ስለሚቀንስ ቁጥሩ ሙሉ በሙሉ ሐሰት አይደለም። ስሕተቱ ሰዓቱ ይህን «ልምምድህ ፍሬ አላፈራም» ብሎ ሲተረጉመው ነው። ከፍታን አስበው የሚያርሙ ሰዓቶች አሉ፤ ሁሉም ግን አያርሙም።

180ውንስ ከየት አመጣው? ባለቤቱ ካላስተካከለው፣ ከ220 ላይ ዕድሜውን፣ 40ን፣ ቀንሶ ነው። ይህ ስሌት ለብዙ ሰው ዐሥር ምትና ከዚያም በላይ ይስታል። እውነተኛው ጣሪያ 192 ከሆነ፣ ሰዓቱ ቀላሉን ሩጫ ሁሉ ከባድ አድርጎ ይቆጥረዋል፤ ጫናው ያብጣል፣ የማገገሚያው ሰዓት ይረዝማል፣ ቪኦቱ ማክስም ያንሳል። ሦስቱም ከአንድ የልብ ምት ስለሚቀዱ አብረው ይሳሳታሉ። ምልክቱ ግልጽ ነው፦ በዳገት ወይም በውድድር መጨረሻ ላይ ልብዎ ሰዓቱ ከያዘው ጣሪያ በላይ ደጋግሞ ከመታ፣ ቅንብሩ ውስጥ ገብተው ቁጥሩን ይቀይሩ።

የማገገሚያው ሰዓትም ቢሆን ተኝተህ ክረም ማለት አይደለም። እስከሚቀጥለው ከባድ ልምምድ የቀረውን ጊዜ ያመለክታል እንጂ ሶምሶማን አይከለክልም። ደግሞ በተቃራኒው የሚሳሳትበት ጊዜ አለ፤ እኔ ይበልጥ የምፈራው ይህን ነው። ከእንጦጦ ወደ ሽሮ ሜዳ ቁልቁል ሲሮጡ ልብ ረጋ ስለሚል ሰዓቱ ጫናውን ትንሽ ብሎ ይመዘግባል። የጭኑ ጡንቻ ግን እየተሳበ አካሉን ሲገታ ነው የወረደው፤ ሕመሙ የሚብሰውም በማግስቱ ወይም በሦስተኛው ቀን፣ ሰዓቱ «ዝግጁ ነህ» ካለ በኋላ ነው። ደረጃ ሲወርዱ ጭንዎ ከተንቀጠቀጠ፣ ሰዓቱ የፈለገውን ቢል ፈጣኑን ልምምድ ለሌላ ቀን ያቆዩት።