ማውለቁ ከመልበሱ ይከብዳል

የነርሲንግ ተማሪዎች ለተግባር ልምምድ ወደ ሆስፒታል ከመውጣታቸው በፊት በማሠልጠኛ ክፍል የሚያሳልፉት አንድ ጠዋት አለ። አልጋው ላይ የተኛው የፕላስቲክ ሰው ነው። ከጎኑ የሽንት ከረጢት ተንጠልጥሏል፤ ራስጌው አጠገብ ትንሽ ጠረጴዛ፣ የጓንት ካርቶንና የእጅ አልኮል አለ። ለተማሪዋ የተሰጣት ሥራ ቀላል ይመስላል፤ የልብ ምቱን መቁጠር፣ ካኑላ መትከል፣ የሽንቱን ከረጢት ማጉደልና መውጣት።

አስተማሪዋ ከኋላ ቆማ የምትከታተለው ግን እጇን ብቻ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2009 (እ.ኤ.አ.) ባወጣው መመሪያ የጤና ባለሙያ እጁን ማጽዳት ያለበትን ጊዜ በአምስት ከፍሎታል። ሕመምተኛውን ከመንካቱ በፊት፤ ካኑላ እንደ መትከልና ቁስል እንደ ማሸግ ያለ ንጹሕ ሥራ ከመጀመሩ በፊት፤ ደም ወይም ሌላ የሰውነት ፈሳሽ ሊነካው ከቻለ በኋላ፤ ሕመምተኛውን ከነካ በኋላ፤ በመጨረሻም ሰውየውን ባይነካም እንኳ በዙሪያው ያለውን ዕቃ ከነካ በኋላ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ በዋናነት ሕመምተኛውን ይጠብቃሉ፤ የቀሩት ሦስቱ ደግሞ ባለሙያውንና ሌሎቹን ታካሚዎች።

ዝርዝሩን በቃል መያዝ ከባድ አይደለም። ችግሩ የሚመጣው ሥራው ሲጀመር ነው። ተማሪዋ እንደገባች እጇን በአልኮል ታሻለች፣ የልብ ምቱን ትቆጥራለች። ጓንት ታጠልቃለች። ከዚያ ብርሃን እንዲገባ መጋረጃውን ትገፋለች፣ የአልጋውን ብረት ዝቅ ታደርጋለች፣ በዚያው ጓንት መርፌውን ታነሳለች።

«ቆይ እስቲ፣» ትላለች አስተማሪዋ። «አሁን ምን ልትሠሪ ነው?»

«ካኑላ ልተክል ነው፣ ሲስተር።»

«እጅሽስ?»

«ጓንት አድርጌያለሁ።»

በየዓመቱ የሚደጋገመው መልስ ይኸው ነው። ጓንት የለበሰውን ሰው ከደም ይጠብቃል እንጂ መጋረጃውን ከነካ በኋላ ንጹሕ አይደለም። መጋረጃው ላይ የነበረው ጀርም በጓንቱ ጣት አድርጎ መርፌው ወደሚገባበት ቆዳ ይሄዳል፤ ከዚያም ደም ሥሩ ክፍት ነው። ስለዚህ መጋረጃውና አልጋው አስቀድሞ ይስተካከላል፣ እጅ ይጸዳል፣ ከዚያ በኋላ አዲስ ጓንት ይደረጋል። ካኑላው ተተክሎ ጓንቱ ሲወልቅም እጅ እንደገና ይጸዳል፤ ጓንት በዓይን የማይታይ ቀዳዳ ሊኖረው ይችላል፣ ሲወልቅም የእጅን አንጓ ሊነካ ይችላል። የሽንቱ ከረጢት የሚጎድለው በሌላ ጓንት ነው።

አልኮሉ መዳፍ ሞልቶ፣ እጅ እስኪደርቅ ድረስ ከ20 እስከ 30 ሰከንድ ይታሻል። አውራ ጣት፣ የጣቶች ጫፍና በጣቶች መካከል ያለው ቆዳ ብዙ ጊዜ የሚረሱ ቦታዎች ናቸው። እጅ ላይ ቆሻሻ የሚታይ ከሆነ ግን አልኮል አይበቃም፤ ከ40 እስከ 60 ሰከንድ በውኃና በሳሙና መታጠብ ያስፈልጋል። ተቅማጥ ያለበትን ሰው ሲያክሙም እንዲሁ ነው፤ ተቅማጥ ከሚያመጡት ባክቴሪያዎች አንዳንዶቹ አልኮል የማይገድለው ጠንካራ ሽፋን አላቸው።

ቀጥሎ የመከላከያ ልብሱ ይመጣል። አለባበሱ ሲጀመር እጅ ይጸዳል፤ ከዚያ ጋውን፣ ማስክ፣ መነጽር ወይም የፊት መከለያ፣ መጨረሻ ላይ ጓንት። ጓንቱ ኋላ የሚመጣው የጋውኑን እጅጌ ጫፍ መሸፈን ስላለበት ነው። አስቀድሞ ከተደረገ በአንጓው ላይ ቆዳ ይጋለጣል፤ ተማሪዋ ክንዷን ስትዘረጋ ወዲያው ይታያል።

አወላለቁ ላይ ግን ክፍሉ ጸጥ ይላል። አስተማሪዋ በጓንቱና በጋውኑ ፊት ላይ በተለመደው ብርሃን የማይታይ ቅባት ትቀባለች። ተማሪዎቹ ልብሱን ያወልቃሉ፣ መብራት ይጠፋል፣ ቅባቱን የሚያበራ ሐምራዊ መብራት ይበራል። አንዷ አንጓዋ ላይ፣ አንዱ አገጩ ሥር፣ ሌላው ሸሚዙ ላይ ቅባቱ ያበራል። በአሜሪካ ክሊቭላንድ በአራት ሆስፒታሎች በተሠራ፣ በ2015 (እ.ኤ.አ.) በታተመ ጥናት እንዲህ ያለ ቅባት ተቀብቶ ጓንትና ጋውን ካወለቁት ሙከራዎች በ46 በመቶው ቅባቱ ወደ ቆዳ ወይም ወደ ልብስ ተላልፎ ተገኝቷል። የተፈተኑት ተማሪዎች ሳይሆኑ በሥራ ላይ ያሉ ባለሙያዎች ነበሩ።

በጣም የቆሸሸው ስለሆነ ጓንት ቀድሞ ይወልቃል። የአንዱ እጅ ጓንት መዳፉ ላይ ከውጭ ተቆንጥጦ ይገፈፋል፣ ጓንት ባለው እጅ ይጨበጣል፤ ከዚያ ባዶው ጣት በሌላው ጓንት ሥር በአንጓው በኩል ገብቶ ከውስጥ ወደ ውጭ ይገለብጠዋል። መነጽሩ ከኋላ በኩል ይነሳል። ጋውኑ ገመዱ ተፈቶ ከትከሻ ይሳባል፤ የሚነካው ውስጡ ብቻ ነው፤ ተጠቅልሎ ይጣላል። ማስኩ የመጨረሻው ነው፤ መጀመሪያ የታችኛው ማሰሪያ፣ ከዚያ የላይኛው፣ ፊት ለፊቱ ሳይነካ። በመሃል እጅ ከቆሸሸ እዚያው ይጸዳል፤ ሁሉም ሲያልቅ ደግሞ የግድ ነው።

በ2014 (እ.ኤ.አ.) በዳላስ የኢቦላ ሕመምተኛን ያስታመሙ ሁለት ነርሶች በበሽታው ተይዘው ነበር፤ ሁለቱም ድነዋል። በየትኛው ቅጽበት እንደተያዙ በትክክል ባይታወቅም፣ የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል በዚያው ወር መመሪያውን አጠበቀ፤ ልብሱን የሚለብስና የሚያወልቅ ሁሉ ደረጃዎቹን አንድ በአንድ የሚከታተል የሠለጠነ ተመልካች እንዲኖረው አዘዘ። የደከመ ሰው ቅደም ተከተል ይዘላል፤ የሌላ ሰው ዓይን የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። ክፍሉ ውስጥም ተማሪዎች ጥንድ ጥንድ ሆነው አንዱ ሲያወልቅ ሌላው ደረጃውን ጮክ ብሎ ይጠራል።

ይህ ሁሉ ልብስ ግን ለሁሉም ሕመምተኛ አይደለም። ተማሪዎች የሳንባ ቲቢ የተጠረጠረበት ሰው ሲሰጣቸው ጋውኑንም መነጽሩንም ደርበው ይመጣሉ፣ አፍንጫቸው ላይ ግን ተራ ማስክ ያደርጋሉ። ልክ የተገላቢጦሽ ነው። ለይቶ የማከም ጥንቃቄ የሚመረጠው በሽታው በሚተላለፍበት መንገድ ነው። ቲቢ አየር ላይ በሚንሳፈፉ ደቃቅ ብናኞች ስለሚተላለፍ ለነርሷ ኤን 95 ማስክ ያስፈልጋታል፤ ተራው ማስክ የሕመምተኛው ነው፣ ሳሉ ወደ ውጭ እንዳይበተን። ኤን 95 ፊት ላይ ካልገጠመ አይሠራም። ተማሪዋ እጇን ማስኩ ላይ አድርጋ በኃይል ትተነፍሳለች፤ በአፍንጫዋ ጎን አየር ከወጣ ሽቦውን ትጫናለች። ጺም ያለው ሰው ማስኩ አይገጥምለትም። ማስኩ የሚወልቀውም ከክፍሉ ተወጥቶ በሩ ከተዘጋ በኋላ ነው፤ አየሩ የቀረው ውስጥ ነውና። ልዩ የአየር መሳቢያ በሌለበት ጤና ጣቢያ መስኮቱ ይከፈታል፤ ነርሷም ነፋሱ ከእሷ ወደ ሕመምተኛው በሚሄድበት በኩል ትቀመጣለች።

ብርቱ ተቅማጥ ያለበት ሰው በንክኪ ያስተላልፋል፤ ለእሱ ጋውንና ጓንት፣ ለብቻው የሚሆን የደም ግፊት መለኪያና ሳሙና ያስፈልጋል፤ ኤን 95 አያስፈልግም። ኩፍኝ በአየር ነው፤ ጉድፍ በአየርም በንክኪም። በማኒንጎኮከስ ባክቴሪያ የሚመጣው ማጅራት ገትር ደግሞ በሚስሉትና በሚያስነጥሱት ጠብታ ስለሚተላለፍ በአቅራቢያው ተራ ማስክ ይበቃል። ይህ የመጨረሻው ትክክለኛው ፀረ ባክቴሪያ ከተጀመረ 24 ሰዓት ሲሞላው የመለየቱ ጥንቃቄ ይነሳል። ተማሪዎቹ በአልጋው ካርድ ላይ መድኃኒቱ የተጀመረበትን ሰዓት እንዲጽፉ የሚደረገው በዚህ ምክንያት ነው፤ ሰዓቱ ካልተጻፈ በሩ ላይ የተለጠፈው ምልክት ለቀናት ይቆያል፤ ለሌላ ሕመምተኛ የሚያስፈልገው ለብቻ ክፍልም ተይዞ ይቀራል።